አግድም ቀረጻን ወደ ቁም ቪዲዮ ለመቀየር የትኛውን መሣሪያ እንግዛ?

ጅማ ውስጥ ሠርግ፣ ምርቃት ወይም የቡና ንግድ ማስታወቂያ የሚያስቀርጽ ደንበኛ ከረጅሙ ቪዲዮ ጋር ለቲክቶክ፣ ለሪልስና ለዩቲዩብ ሾርትስ የሚሆኑ አጫጭር ቁራጮችን አብሮ መጠየቁ የተለመደ ሆኗል። ካሜራችን የሚቀርጸው ግን 16 በ9 የሆነ አግድም ምስል ነው፤ ስልክ ላይ የሚታየው ደግሞ 9 በ16 የሆነ ቁም ምስል ነው። ይህን ለውጥ ለመሥራት ገንዘብ ከማውጣታቸው በፊት የትኛውን ሶፍትዌር እንደሚመርጡ ለሚያመነቱ ባለሙያዎች፣ እኔ በሥራዬ የተጠቀምኩባቸውን ሦስት መንገዶች በአንድ ቀረጻ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ፦ የዳቪንቺ ሪዞልቭን ነጻ ቅጂ በእጅ ሥራ፣ የሚከፈልበትን ዳቪንቺ ሪዞልቭ ስቱዲዮን፣ እንዲሁም አዶቢ ፕሪሚየር ፕሮን።

ከሁሉ በፊት አንድ ልኬት መታወቅ አለበት። 1920 በ1080 ከሆነ ምስል ላይ ሙሉ ቁመቱን ይዘን 9 በ16 ስንቆርጥ የሚተርፈን ስፋት 608 ፒክስል ገደማ ብቻ ነው፤ ይህም ከመጀመሪያው ስፋት አንድ ሦስተኛ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ሁለት ዋና ነገሮች በምስሉ ላይ ከ608 ፒክስል በላይ ተራርቀው ከተቀመጡ፣ የቱንም ያህል ውድ ሶፍትዌር ቢገዛ ሁለቱን በአንድ ቁም ፍሬም ሊይዛቸው አይችልም። ሶፍትዌሩ ሊያደርግ የሚችለው በየትኛው ሰከንድ የትኛውን እንደሚያሳይ መምረጥ ብቻ ነው። የመሣሪያዎቹ ልዩነትም ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ማለትም ምርጫውን ማን ያደርጋል፣ ሲሳሳትስ ማረም ምን ያህል ይቀላል የሚለው ነው።

ለንጽጽሩ የተጠቀምኩበት ቀረጻ ወደ ጅሬን በሚያወጣው መንገድ ካለ አንድ ግቢ ውስጥ የተነሣ፣ 38 ሰከንድ የሚፈጅ የቡና ሥርዓት ነው። ካሜራው በትሪፖድ ላይ ቆሞ አልተንቀሳቀሰም። በግራ በኩል የቤቱ እመቤት ከረከቦቱ ኋላ ተቀምጠው ከጀበናው ይቀዳሉ፤ በቀኝ በኩል አባወራው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ስለ ቡናው ያወራሉ። እስከ ዘጠነኛው ሰከንድ ድረስ ዋናው ነገር ከጀበናው የሚወርደው ቀጭን የቡና ጅረት ነው፤ ከዚያ እስከ 24ኛው ሰከንድ የአባወራው ፊት፤ ከዚያ እስከ 30ኛው ሰከንድ ሲኒውን ይዞ ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄደው ልጅ፤ በመጨረሻዎቹ ስምንት ሰከንዶች ደግሞ የባልና የሚስቱ ሳቅ። ጀበናው ከምስሉ የግራ ጠርዝ 520 ፒክስል ላይ፣ የአባወራው ፊት ደግሞ 1430 ፒክስል ላይ ይገኛል። በመካከላቸው 910 ፒክስል አለ፤ ስለዚህ በአንድ ቁም ፍሬም አብረው አይገቡም።

በፕሪሚየር ፕሮ የሚገኘው Auto Reframe የሚባለው መሣሪያ ከ2019 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ሲሆን፣ አሠራሩም ቀላል ነው። ሲኩዌንሱን መርጠው ቁም ልኬቱን ሲያዝዙት ዋናውን ሳይነካ ቅጂ ይፈጥራል፤ እንቅስቃሴውን ራሱ መርምሮም የፍሬሙን ቦታ በኪፍሬም ይጽፋል። ትንተናውን ቶሎ ጨረሰልኝ። ውጤቱን ስመለከተው ግን ከመጀመሪያው ሰከንድ አንሥቶ ያተኮረው አባወራው ላይ ነበር፤ የእሳቸው ፊት ለካሜራው በግልጽ ስለሚታይ፣ እመቤቲቱ ግን በጀበናው ላይ ጎንበስ ስላሉ ይመስለኛል። ቡናው በሚቀዳበት ጊዜ ጀበናው ከፍሬሙ ውጭ ቀርቷል፤ ያ ዘጠኝ ሰከንድ ያለ ጀበና ምንም ትርጉም የለውም። መሣሪያው የሚያየው የሚንቀሳቀሰውን ነገርና ፊትን ነው እንጂ፣ ደንበኛው የሚፈልገው ጅረቱን መሆኑን አያውቅም።

ማረሚያው አለ። በኢፌክቱ መቆጣጠሪያ ውስጥ Overwrite generated path የሚለውን ሲመርጡ የተጻፉትን ኪፍሬሞች በእጅ መለወጥ ይቻላል። ይሁን እንጂ መሣሪያው ብዙ ኪፍሬሞችን አቀራርቦ ስለሚጽፍ፣ አንዱን ሲያንቀሳቅሱ ከጎረቤቱ ጋር ይጋጭና ምስሉ በአንድ ቅጽበት ይንገጫገጫል። እኔ በመጨረሻ ለመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ሰከንዶች የተጻፈውን ሁሉ አጥፍቼ በአዲስ ሠራሁት። ሌላም ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ፤ ቀድሞ ተቆራርጦ የተጠናቀቀ ቪዲዮ በአንድ ፋይል ከቀረበለት፣ በእያንዳንዱ መቁረጫ ላይ አስቀድሞ ካልተከፈለ በስተቀር ፍሬሙ ከአንዱ ትዕይንት ወደ ሌላው ሲያልፍ ይንሸራተታል። ዋጋውም በየወሩ የሚከፈል፣ ከ20 ዶላር በላይ የሆነ ነው፤ ክፍያው ሲቋረጥ ሥራውም ይቋረጣል። ለውጭ ክፍያ የሚሠራ ካርድ የሌለው የጅማ ባለሙያ በየወሩ የዘመድ ደጅ መጥናት ይኖርበታል ማለት ነው።

ዳቪንቺ ሪዞልቭ ስቱዲዮ በአምራቹ ድረ ገጽ 295 ዶላር ነው፤ የሚከፈለውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እዚህ ያለው መሣሪያ Smart Reframe ይባላል፤ በነጻው ቅጂ ውስጥ አይገኝም። ከፕሪሚየሩ የሚለይበትና እኔ ዋጋውን ያስገኛል የምልበት ነጥብ Reference Point የሚለው አማራጭ ነው፤ በዚህ አማራጭ ተከታተለው የምንለውን ነገር እኛው በሳጥን ከብበን እናሳየዋለን። ቀረጻውን በአራት ቦታ ከፍዬ በመጀመሪያው ክፍል ላይ ሳጥኑን ጀበናው ላይ፣ በሁለተኛው የአባወራው ፊት ላይ፣ በሦስተኛው ልጁ ላይ አኖርኩት። ጀበናውንና አባወራውን ያለ ስህተት ያዘ። ልጁን ግን በእመቤቲቱ ትከሻ ጀርባ ሲያልፍ ለአንድ ሰከንድ ያህል ጥሎት ነጠላቸው ላይ ቆየ፤ ልጁ ሲወጣም ፈጥኖ ሊደርስበት ተወረወረ። እንዲህ ያለውን ስህተት ማግኘት የሚቻለው ቪዲዮውን ሳያቆሙ በስልክ ስፋት በማየት ነው፤ በትልቅ ስክሪን ላይ ፍሬም በፍሬም ሲያዩት መወርወሩ አይታወቅም። የተሳሳቱትን ኪፍሬሞች ሰርዤ፣ ልጁ ከመደበቁ በፊትና ከወጣ በኋላ አንዳንድ ኪፍሬም ብቻ ስተው ተስተካከለ።

ሦስተኛው መንገድ የሪዞልቭ ነጻ ቅጂ ሲሆን፣ እዚህ ሁሉም ነገር በእጅ ይሠራል። ብዙ ሰው የሚፈራው ይህን ነው፤ እኔ ግን ካሜራው ላልተንቀሳቀሰ ቀረጻ ቀለል ያለው ይህ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ታይምላይኑን 1080 በ1920 አድርገን፣ በፕሮጀክቱ ማስተካከያ ውስጥ Scale full frame with crop የሚለውን ስንመርጥ፣ ምስሉ 1.78 ጊዜ አድጎ ቁመቱን ይሞላል። ከዚያ የሚቀረው Position X የሚለውን ቁጥር መወሰን ነው። ዋናው ነገር ከምስሉ መካከል፣ ማለትም ከ960፣ ስንት ፒክስል እንደሚርቅ አውቀን በ1.78 እናባዛለን። ለጀበናው 960 ሲቀነስ 520 ይሆናል 440፤ ይህም ሲባዛ 783 ገደማ ስለሚሆን ምስሉን ወደ ቀኝ በዚያው መጠን እንገፋዋለን። ለአባወራው ስሌቱ ከዜሮ በታች 837 ገደማ ይሰጣል፤ ነገር ግን እሳቸው ወደ ግራ፣ ወደ ባለቤታቸው ስለሚመለከቱ፣ ከፊታቸው በኩል ጥቂት ባዶ ቦታ እንዲኖር ከዜሮ በታች 760 ላይ አቆምኩት። ፊታቸው ከመካከል ወደ ቀኝ ትንሽ ፈቀቅ ሲል እይታቸው ግድግዳ አይገጨውም። ቁጥሩ በሁለቱም አቅጣጫ ከ1166 ካለፈ በጠርዙ ጥቁር መስመር ይወጣል።

ከጀበናው ወደ አባወራው ሲሸጋገር ምስሉን ማንሸራተት አያስፈልግም። በዘጠነኛው ሰከንድ ክሊፑን ቆርጦ ለሁለተኛው ክፍል ሌላ ቁጥር መስጠት በቂ ነው፤ ተመልካቹ እንደ ሁለተኛ ካሜራ ያየዋል። ማንሸራተት የሚያስፈልገው ልጁን ለመከተል ብቻ ነበር፤ እርሱም በስድስት ሰከንድ ውስጥ ከሁለት ኪፍሬም በላይ አልጠየቀም። ጅማሬውና ፍጻሜው እንዲለሰልስ ኩርባ ካልተሰጠው ግን እንቅስቃሴው ድንገት ተነሥቶ ድንገት ስለሚቆም ዓይንን ያስቸግራል። ጠቅላላ ሥራው 25 ደቂቃ ገደማ ወሰደብኝ፤ በስቱዲዮው መንገድ ከነማረሚያው 15 ደቂቃ፣ በፕሪሚየሩ ደግሞ 20 ደቂቃ ፈጅቶብኝ ነበር።

የመጨረሻዎቹ ስምንት ሰከንዶች በሦስቱም መንገዶች ያው ችግር ሆነው ቀርበዋል፤ ባልና ሚስት አብረው ሲስቁ አንዱን መርጦ ሌላውን መቁረጥ ትዕይንቱን ያበላሸዋል። ብዙዎች በዚህ ጊዜ ምስሉን እንዳለ በመካከል አስቀምጠው ከላይና ከታች የደበዘዘ ምስል ይሞሉበታል፤ ያን ጊዜ ትክክለኛው ምስል ከስክሪኑ አንድ ሦስተኛ ያህሉን ብቻ ስለሚይዝ የሰዎቹ ፊት እጅግ ያንሳል። የተሻለው ፍሬሙን ለሁለት ከፍሎ አባወራውን ከላይ፣ እመቤቲቱን ከታች ማድረግ ነው። እያንዳንዱ ግማሽ 1080 በ960 ስለሆነ፣ ከዋናው ምስል ሙሉ ቁመቱንና 1215 ፒክስል ስፋት መውሰድ ይቻላል፤ ይህም ምስሉን ከማሳደግ ይልቅ ያሳንሰዋል፣ ስለዚህ ጥራቱ አይጎዳም። ይህን ለመሥራት ክሊፑን በሁለት ትራክ ደራርቦ መቁረጥ ብቻ ስለሚበቃ፣ ነጻው ቅጂ ይሠራዋል።

እንግዲህ በወር ጥቂት አጫጭር ቪዲዮዎች የሚያስረክብ፣ ካሜራውንም በአብዛኛው በትሪፖድ የሚያቆም ባለሙያ ገንዘብ ሳያወጣ በነጻው ሪዞልቭ እንዲሠራ እመክራለሁ። ሠርግ እየቀረጸ በየቀኑ ብዙ ቁራጭ የሚያወጣና እየተራመዱ የሚጨፍሩ ሰዎችን መከተል ያለበት ግን ስቱዲዮውን ቢገዛ ገንዘቡ አይባክንበትም፤ በሕዝብ መካከል ሙሽራዋን ነው ብሎ ማሳየት መቻል ትልቅ ነገር ነው። ፕሪሚየር ፕሮን ለዚህ ሥራ ብቻ ብሎ መግዛት አይታየኝም፤ ቀድሞውኑ የሚከፍልበት ግን Auto Reframe እንደ መነሻ ረቂቅ ያገለግለዋል። ማክ ኮምፒውተር ያለው ሰው በፋይናል ካት ፕሮ ተመሳሳይ መሣሪያ ያገኛል። በስልክ ብቻ የሚሠራ ደግሞ በካፕካት ኪፍሬም በእጅ መሥራት ይችላል፤ የስልክ ስክሪን ትንሽ በመሆኑ ግን ቦታውን በቁጥር ሳይሆን በግምት ይወስናል። 8 ጊጋባይት ራም ብቻ ባለው ላፕቶፕ ሪዞልቭ ስለሚከብድ፣ ፕሮክሲ ሳይሠሩ ባይጀምሩ ይሻላል።

ለሶፍትዌር ከመክፈል በፊት ግን የካሜራውን ማስተካከያ ማየት ይገባል። በ1080 የተቀረጸ ምስል በ1.78 ሲያድግ መጀመሪያ የሚጠፋው የነጠላው ጥለትና የጸጉር ዘለላ ነው፤ እነዚህ ከደበዘዙ የትኛውም መሣሪያ አይመልሳቸውም። ካሜራው 4ኬ መቅረጽ ከቻለ ከ3840 በ2160 የሚቆረጠው 1215 በ2160 ስለሚሆን፣ ወደ 1080 በ1920 ሲያንስ ጥራቱ ሙሉ ሆኖ ይቀራል፤ ትርፍ ቁመት ስላለም ምስሉን ጥቂት አቅርቦ ወደ ላይና ወደ ታች ማስተካከል ይቻላል። የሚጨምረው ወጪ የሜሞሪ ካርድና የሃርድ ዲስክ ቦታ ነው። እኔ በካሜራዬ ስክሪን ላይ ከመካከሉ አንድ ሦስተኛ የሚያህለውን ስፋት በሁለት ቀጭን ፕላስተር አስምሬያለሁ፤ ከዚህ በኋላ ባደረግሁት ሌላ የቡና ቀረጻ ላይም የዚያን ቤት አባወራ ከመቅረጼ በፊት በርጩማቸውን ወደ ረከቦቱ ሁለት ክንድ ያህል እንዲያስጠጉልኝ ለመንኳቸው።