ካርታ ለመበወዝ፦ በዘፈቀደ ቁጥር መደርደር ወይስ ፊሸር-ዬትስ?

ሁለት ካርታ እንያዝ፤ ሀ እና ለ። ለእያንዳንዳቸው ከ1 እስከ 10 የዘፈቀደ ቁጥር ሰጥተን በቁጥሩ እንደርድራቸው። ፍትሃዊ ይመስላል። ግን ከ100 የቁጥር ጥንዶች 10ሩ እኩል ናቸው። ብዙ የኮምፒውተር መደርደሪያ ስልቶች ደግሞ እኩል ሲያገኙ የነበረውን ቅደም ተከተል አይነኩም። ስለዚህ ሀ 55 ጊዜ ይቀድማል፣ ለ 45 ጊዜ ብቻ። ዕጣ ቢሆን ኖሮ ለ ተበድሏል። ቁጥሮቹን ማብዛት አድልዎውን በጣም ያሳንሰዋል፤ ቁጥር ሊደገም እስከቻለ ድረስ ግን አይጠፋም።

እኔ የምመርጠው ፊሸር-ዬትስ የተባለው የመበወዣ ዘዴ ግን የካርታዎቹን ቦታ ብቻ ያለዋውጣል። ሦስት ካርታ ካለ፣ የመጨረሻውን ከሦስቱ (ራሱንም ጨምሮ) ዕጣ በወጣለት ቀይሩት። ከዚያ መካከለኛውን ከመጀመሪያዎቹ ሁለት በአንዱ። 3 × 2 = 6 መንገድ፣ 6 አሰላለፍ፤ ለእያንዳንዱ አንድ። በሁለተኛውም ዙር ከሦስቱ ካወጣችሁ ግን መንገዱ 9 ይሆናል፤ 9 ደግሞ ለ6 እኩል አይካፈልም።