እንግዳ ነው ወይስ አጥቂ?

ጅማ ውስጥ ቡና የሚሸጥ ድረ ገጽ በድንገት ተጨናነቀ እንበል። ሎጉ ላይ ከአንድ አይፒ አድራሻ ብቻ ሺህ ጥያቄ ይታያል። ለመዝጋት አትቸኩሉ! በሞባይል ኢንተርኔት ብዙ ደንበኞች አንድ አይፒ ሊጋሩ ይችላሉ፤ አጥቂ ዘጋን ስትሉ ገዢዎቻችሁን ታስወጣላችሁ።

እኔ የማየው ምን እንደተጠየቀ ነው። ከቴሌግራም ሊንክ ተከትሎ የመጣ ሰው የተጋራውን ገጽ ይከፍታል። ብሮውዘሩም ወዲያው ፎቶዎቹንና የሲኤስኤስ ፋይሉን ይጠይቃል። አጥቂ ግን ብዙ ጊዜ ፎቶ አይጠይቅም። `/search` ላይ ቃል እየቀያየረ ይደበድባል፤ ፍለጋ ዳታቤዙን ያደክማላ። እውነተኛ ብሮውዘር የሚጠቀም ቦት ከሆነ ግን ይህ ምልክት ብቻውን አይበቃም።

ለእንግዶቹ ገጹን ካሽ አድርጉ፤ ተዘጋጅቶ የተቀመጠው ቅጂ ይድረሳቸው። ለአጥቂው `/search` ላይ ብቻ የጥያቄ ብዛት ገደብ ጣሉ፤ ገደቡን ላለፈ «ጥያቄ አበዛህ» የሚለው 429 ኮድ ይመለስለት።