ኤሮፕረስን መገልበጥ ያስፈልጋል? ከስምንት ወር በኋላ ያየሁት

ኤሮፕረሱን፣ ቡናና ውሃ ቱቦ ውስጥ ተቀላቅሎ ከቆየ በኋላ በመግፊያ ተጭኖ በማጣሪያ በኩል ወደ ስኒ የሚወርድበትን ማፍያ፣ ከገዛሁ ስምንት ወር ሆነኝ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት የማፈላው ገልብጬ ብቻ ነበር። በመደበኛው አሠራር ውሃው እንደተጨመረ ወደ ስኒው መንጠባጠብ ይጀምራል፤ ቡናውን በቅጡ ሳያገኘው የሚያመልጥ ስለሚመስለኝ ይቆጨኝ ነበር። ሲገለበጥ መግፊያው ከታች ስለሚሆን ጠብ የሚል ነገር የለም።

አንድ ጠዋት ግን ወደ ስኒው ስመልሰው መግፊያው ተንሸራቶ ወጣና ትኩሱ ቡና እጄ ላይ ፈሰሰ። መግፊያውን በደንብ ወደ ውስጥ አላስገባሁትም ነበር። ከዚያ በኋላ መደበኛውን በሌላ ዘዴ ሞከርኩ። ውሃውን ጨምሬ፣ አማስዬ፣ መግፊያውን ከላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል አስገብቼ ትንሽ ወደ ላይ እስበዋለሁ። አየሩ ስለሚታፈን ጠብታው ይቆማል። የሚያመልጠው ጥቂት ብቻ ነው።

ሁለቱን ለማወዳደር 15 ግራም የታጠበ ይርጋጨፌ፣ 200 ግራም ውሃና ሁለት ደቂቃ ተጠቀምኩ። እህቴ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳትነግረኝ አቀረበችልኝ። ደጋግመን ሞከርነው፤ መለየት አልቻልኩም።

ጣዕሙን በግልጽ የቀየረው ጊዜው ነው። በ40 ሰከንድ የተጫንኩት ቡና ቀጭንና ኮምጣጣ ነበር። በሁለት ደቂቃ የሎሚው መዓዛ ሳይጠፋ ጣፋጭነቱ መጣ። አራት ደቂቃ ሳቆየው እንደፈራሁት አልመረረም፤ ትንሽ ወፈር አለ እንጂ። ውሃው እየቀዘቀዘ ሲሄድ፣ ከቡናው በቀላሉ የሚሟሟውም ቀድሞ ስለሚወጣ፣ መጨረሻው ላይ ለውጡ ያንሳል። ስለዚህ ስልክ ቢደወልና አንድ ደቂቃ ቢያልፍ አትጨነቁ። አንድ ደቂቃ ቀድሞ መጫን ግን ቡናውን ያበላሻል።

አጫጫኑም እንደዚያው ነው። እኔ 30 ሰከንድ ያህል እወስዳለሁ፤ የክንዴ ክብደት ብቻ ይበቃል። ቸኩዬ በአስር ሰከንድ የተጫንኩ ቀን ስኒው ደፈረሰ፣ ምላሴንም አደረቀው። በኃይል ሲገፋ ውሃው በቡናው መሀል ቀዳዳ አበጅቶ በአንድ በኩል ይሮጣል፤ የላመው ዱቄትም አብሮ ይገፋል። መግፊያው እምቢ ካለ ቡናው በጣም ልሟል ማለት ነውና ጉልበት አይጨመርበትም፤ በሚቀጥለው ሸከር አድርጎ መፍጨት ነው። እኔ ለጀበና ከማስፈጨው ሸከር ይላል። «ሽሽ» የሚል የአየር ድምፅ ስሰማ አቆማለሁ።

አዲስ አበባ ለምንኖር ውሃው የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ ብዙም ላልተቆላ ቡና እንደፈላ መጨመር ይቻላል። ጠቆር ብሎ ለተቆላው ግን አንድ ሁለት ደቂቃ አበርደዋለሁ።

የመግፊያው ጫፍ ላይ ያለው ጎማ እስካሁን አልላላም። ካጠብኩት በኋላ መግፊያውን ቱቦው ውስጥ አልተወውም፤ ተጨምቆ ከቆየ ቅርጹን ያጣል፣ ያኔ አየሩን አይዘጋም። እንግዳ ከመጣ ደግሞ ጀበናዬ አለ፤ የእኔ ኤሮፕረስ በአንድ ጊዜ ለአንድ ሰው ብቻ ነው።