ጎንደር ውስጥ ፎቶ ያለበት ማግ ለምታሳትሙ፦ በስልክ የሚላክላችሁን ምስል አይታችሁ ሙሉ ክፍያ አትክፈሉ

ለምርቃት፣ ለሠርግ ወይም ለልደት የሰው ፎቶ ያለበት ማግ ልታሳትሙ ያሰባችሁ ወገኖቼ፣ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። ማተሚያ ቤቶች «ሥራችሁ ይህን ይመስላል» ብለው በቴሌግራም የሚልኩት ያማረ ምስል ሞክአፕ ይባላል። በባዶ ማግ ፎቶ ላይ የእናንተ ፎቶ በኮምፒውተር ተለጥፎ የተሠራ ማሳያ ነው እንጂ ወደ ማተሚያ የሚገባው ፋይል አይደለም። ጨዋ ባለሙያ ሁለቱን ለይቶ ያዘጋጃል። አሁን ግን ሞክአፑን ራሱን ቆርጠው የሚያትሙ ቤቶች አሉ፣ ዋጋውን ደግሞ እንደ ሙሉ ሥራ ያስከፍላሉ።

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመረቀች። እናቷ ለዘመድ ወዳጅ የሚሰጥ ማግ አዘዘች፤ ልጅቱ ጋውን ለብሳ ፋሲል ግቢ የተነሳችው ፎቶ፣ ከሥሩ «እንኳን ደስ አለሽ» የሚል ጽሑፍ። የተላከላት ሞክአፕ በእውነት ያምር ነበር፤ አየችው፣ ወደደችው፣ ሙሉውን ከፈለች። ማጎቹ ሲመጡ ጽሑፉ እንደላላ ገመድ መሃሉ ወደ ታች ወርዷል። የልጅቱ ትከሻዎች ወደ ጎን ጠብበዋል፣ ግራ ጉንጯ ላይ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ነጣ ያለ ሰንበር አለ። የማተሚያ ቤቱ ልጅ «እትዬ፣ ማግ ክብ ስለሆነ ነው፤ ክብ ነገር ላይ ሲታተም ሁሌም እንዲህ ይሆናል» ብሎ መለሳት። እህቴ አምናው ወጣች። እኔ በግራፊክስ ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝና ማጎቹን ሳይ በጣም ነው ያዘንኩት፤ የተነገራት ነገር ልክ አይደለም።

ለምን ልክ እንዳልሆነ ላስረዳ። የተለመደው ማግ አግድም ስፋቱ 8 ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ ዙሪያው 25 ይመጣል፣ ጆሮው ያለበት ሲቀነስ ለኅትመት 20 በ9 ሴንቲሜትር ገደማ ይቀራል። ቀጥ ያለ ማግ ላይ ወረቀት ብትጠቀልሉ የትም ሳይጨማደድና ሳይለጠጥ ልክክ ይላል። ስለዚህ የሚታተመው ምስል ምንም ዓይነት ማጣመም አያስፈልገውም። ዝርግ፣ ቀጥ ያለ፣ የፊቱ መጠን ያልተነካ መሆን አለበት። ባለሙያው የሚጨምረው አንድ ነገር እንደ መስታወት ማገላበጥ ነው፤ ቀለሙ ከወረቀቱ ወደ ማጉ በሙቀት ስለሚተላለፍ ካልተገለበጠ ጽሑፉ የኋሊት ይነበባል። ክብነቱን የሚጨምርለት ማጉ ራሱ ነው።

ሞክአፕ ግን ካሜራ የሚያየውን ማስመሰል ስላለበት መጣመም ግድ ይለዋል። ማጉ ከፍ ካለ ቦታ ከተነሳ አግድም መስመሮች ሁሉ መሃላቸው ወደ ታች ይጎብጣሉ፤ የታችኛው ከላይኛው ትንሽ ይብሳል። ሁለተኛው ለውጥ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው። ከፊት ለፊት ስናይ መሃል ያለው አንድ ሴንቲሜትር አንድ ሴንቲሜትር ሆኖ ይታያል፣ ከመሃል 3 ሴንቲሜትር ርቆ ያለው ወደ ሦስት አራተኛ ይጠባል፣ 4 ሴንቲሜትር ላይ ሲደርስ ግማሽ ገደማ ይቀራል። ቴምፕሌት የሚባለው አስቀድሞ የተዘጋጀ የሞክአፕ ፋይል ይህን ሁሉ አስልቶ ያጣምማል። እንግዲህ ያ የተጣመመ ምስል ተቆርጦ እውነተኛ ማግ ላይ ሲጠቀለል፣ የማጉ ክብነት ሌላ መጣመም ይጨምርበታል። የጎበጠው መስመር እንደጎበጠ ይታተማል፣ የጠበበው ትከሻ ዳግም ይጠባል።

ነጩ ሰንበርም ምስጢሩ እዚሁ ነው። ቴምፕሌቱ ማጉ የሚያብለጨልጭ እንዲመስል የብርሃን ነጸብራቅ ከፎቶው በላይ ይደርባል። በስልክ ስታዩት ያምራል። ከታተመ ግን ማጉን ብታዞሩትም ከፊቱ ላይ አይነሳም። እውነተኛ ነጸብራቅ ማጉ ሲዞር ቦታውን ይለቃል፤ ይሄኛው ከልጅቱ ጉንጭ ጋር አብሮ ይዞራል። በእጃችሁ እንዲህ ያለ ማግ ካለ ሞክአፑ እንደታተመባችሁ እርግጠኛ ሁኑ።

ስለዚህ ከማዘዛችሁ በፊት «ሞክአፑን ሳይሆን የሚታተመውን ዝርግ ፋይል አሳየኝ» በሉ። ሲከፍትላችሁ ማግ፣ ጆሮ፣ ጥላ የሚባል ነገር መታየት የለበትም፤ ሰፊ አራት ማዕዘን ብቻ ነው። ጽሑፉ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ይበል። ፊቱ ተለጥጦ እንደሆነ ለማወቅ በፎቶው ውስጥ ከፊት ለፊት የሚታይ ክብ ነገር ፈልጉ፤ የእጅ ሰዓት ወይም የዓይን ብሌን ይበቃል። ክቡ ሞላላ ከሆነ ፎቶው ቦታውን እንዲሞላ ተጎትቷል ማለት ነው። ቁመታም ፎቶ የማጉን ግማሽ እንዲሸፍን ወደ ጎን መወጠር በጣም የተለመደ ስንፍና ነው፤ በምትኩ ዳራውን ማስፋት ወይም ጎኑን ባዶ መተው ይቻላል። ፊቱም ከ6 ሴንቲሜትር እንዳይሰፋ ጠይቁ፣ ከዚያ ካለፈ ጆሮና ጉንጭ ወደ ማጉ ጎን ይሸሻሉ።

ፎቶውን ስትልኩ በቴሌግራም «ፋይል» አድርጋችሁ ላኩ፤ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ይጨመቃል። ብዙ የምታሳትሙ ከሆነ አንዱ ታትሞ በእጃችሁ ይዛችሁ አዙራችሁ ሳታዩ ሌላው አይታተም፤ ቀሪውን ክፍያ ከዚያ በኋላ ስጡ። ይህን እንቢ የሚል ቤት ካጋጠማችሁ ሌላ ቤት ሂዱ።

ባነርና ቢልቦርድ ለሚያሠሩም አንድ ነገር ልጨምር። በጎን የተነሳ የቢልቦርድ ሞክአፕ የተለጠጠ ፊት ይደብቃል፣ ሰሌዳው ራሱ ዘመም ስላለ ዓይናችን ፊቱንም «ከጎን ስለታየ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ሞክአፑ በትክክል መሠራቱን ለማወቅ በስልካችሁ ላይ የሰሌዳውን አራት ማዕዘኖች በሁለት ሰያፍ መስመሮች አገናኙ። መስመሮቹ የሚቋረጡበት ቦታ የሰሌዳው እውነተኛ መሃል ነው፤ ዝርጉ ፋይል ላይ መሃል ያለው ነገር እዚያ ላይ መዋል አለበት። ካልዋለ ፎቶው በደፈናው ተጎትቶ ነው የተለጠፈው፣ ሰሌዳው ተሰቅሎ የሚሆነውንም አያሳያችሁም። እዚህም ዝርጉን ፋይል መጠየቅ ነው።

ሌላም ያሳዘነኝ ነገር አለ። ያው ቤት የእህቴን ልጅ ፎቶ ቢልቦርድ ቴምፕሌት ላይ ለጥፎ የራሱን ሥራ ማስተዋወቂያ አደረገው፤ አዘዞ ያሉ ዘመዶች እውነት ከተማው ላይ የተሰቀለች መስሏቸው ደወሉ። ልጅቱ አልተጠየቀችም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። ስታዝዙ «ፎቶው ለማስታወቂያ አይውልም» የሚል መልእክት በጽሑፍ ላኩላቸው፣ መልሳቸውንም አትሰርዙት። እኛ ምስሉን ከማስተዋወቂያቸው ያስነሳነው ይህን አንቀጽ ጠቅሰን ከጻፍንላቸው በኋላ ነው፤ የማጎቹን ገንዘብ ግን እስካሁን አልመለሱም።