ጠርዙን ፎቶ አንስቶ ለማያሳይ የጠገራ ብር ሻጭ አትክፈሉ

ወገኖች፣ በቴሌግራም «ኦሪጅናል ጠገራ፣ ከ240 ዓመት በላይ ያስቆጠረ» እያሉ የማርያ ትሬዛ ብር የሚሸጡ ሰዎች በርክተዋል። አንድ ወዳጄ ለእናቱ የአንገት ጌጥ ሊያሠራበት አምስት ፍሬ ገዛ። ከከፈለ በኋላ ሻጩ የላከለትን ሁለት ፎቶ ልኮልኝ «እስቲ እየው፣ ትክክለኛ ነው?» አለኝ። የሚታየው በቀይ ከፋይ ላይ የተቀመጠ፣ መሐሉን የፍላሽ ብርሃን የዋጠው ክብ ነገር ነው። በእንዲህ ያለ ፎቶ ዕድሜውን በብር ሥራ ያሳለፈ አንጥረኛም ቢሆን ፍርድ መስጠት አይችልም። ብሮቹ እጁ ላይ ስለነበሩ እንደገና አንስቶ እንዲልክ ነገርኩት። በሁለተኛው ዙር ፎቶ አምስቱም በቅርጽ ፈስሰው ብር የተቀቡ ፎርጅድ መሆናቸው ለየ። ሻጩ ቻናሉን ዘግቶ ጠፍቷል፤ እነዚያው ሁለት ፎቶዎች ግን በሌላ ስም እየተሸጠባቸው ነው።

በመጀመሪያ ብሩ ላይ የተጻፈው 1780 የሚለው ቁጥር አያታልላችሁ። ምስሏ ብሩ ላይ ያለው የኦስትሪያ ንግሥት ማርያ ትሬዛ የሞተችው በኖቬምበር 1780 እ.ኤ.አ. ሲሆን ከዚያ በኋላ የተመታው ሁሉ ያው ዓመት ነው የተጻፈበት። ጣልያን ኢትዮጵያን ሊወር ሲሰናዳ በ1935 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ፣ ከ1936 ጀምሮ ለንደን ላይ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ቦምቤይ ላይ ተመትቷል። ስለዚህ «የ1780 ነው» ማለት ስለ ዕድሜው ምንም አይነግርም። እዚህ የምንጠይቀው ሌላ ነገር ነው፤ ከብር የተመታ ነው ወይስ ከሌላ ማዕድን ቀልጦ የተቀዳ?

ይህን ለመለየት ፍላሽ ጠላት ነው። ፍላሹ ከካሜራው አጠገብ ስለሚወጣ ብርሃኑ ቀጥ ብሎ ፊቱ ላይ ያርፋል፤ ጥላ ስለማይኖር ጉድጓዱና እብጠቱ አይታይም። የሚያስፈልጋችሁ ከጎን የሚመጣ ብርሃን ነው። በቀን መስኮት አጠገብ ነጭ ወረቀት አንጥፉና ብሩን አስቀምጡ፤ ፀሐዩ በቀጥታ አይምታው። ስልኩን በመጻሕፍት ክምር ላይ አስደግፉት፤ ከብሩ ጋር ትይዩ ይሁን፣ ሩብ ሜትር ያህል ይራቅ፣ ከዚያ ሁለት እጥፍ ዙም አድርጉ። ብዙ ሰው ስልኩን ብሩ ላይ አስጠግቶ ያነሳል፤ የስልኩ ጥላ ይወድቅበታል፣ ክቡም ተንጋዶ ይወጣል። በስልኩ ስክሪን ላይ ፊቷን በጣታችሁ ነክታችሁ ፎከሱን ከያዛችሁ በኋላ ብርሃኑን ትንሽ ዝቅ አድርጉ፤ ብር ያንጸባርቃልና ስልክ ሁልጊዜ አብዝቶ ያነጣዋል።

እያንዳንዱን ፊት ሁለት ጊዜ አንሱ። አንዱ በመስኮቱ ብርሃን ብቻ ይሁን፤ ይህ ቀለሙን ያሳያል። ሁለተኛውን መጋረጃ ዘግታችሁ፣ የሌላ ስልክ ባትሪ መብራት ከጎን፣ ከጠረጴዛው ብዙም ከፍ ሳይል ይዛችሁ አንሱ። የወዳጄን ብር ያጋለጠው ይህኛው ነው። ከንግሥቲቱ ፊት ለፊት ባለው ባዶ ሜዳ ላይ ጥቃቅን ክብ ጉድጓዶች ብቅ አሉ፤ ቀልጦ ሲቀዳ የታሰረ አየር የሚተወው ምልክት ነው። የተመታ ብር ሊጫር፣ ሊቆረቆር ይችላል እንጂ እንዲህ ዓይነት ክብ ቀዳዳ አያወጣም።

ከዚያ ቀረብ ያለ ፎቶ። ሦስት ቦታ ይበቃል፤ ከደረቷ በታች ያሉት «ኤስ» እና «ኤፍ» የሚባሉት ሁለት የላቲን ፊደላት፣ ትከሻዋ ላይ ያለው የዕንቁ ጌጥ፣ በጀርባው፣ በንስሩ በኩል ደግሞ ዓመቱና ከሱ አጠገብ ያለው ሰያፍ መስቀል። እዚህ ላይ የሚታየው ብሩ የት የት እንዳለቀ ነው። ዘመን የበላው ብር የሚያልቀው ከፍ ባለው ቦታ፣ በጸጉሯና በንስሩ ደረት ላይ ነው፤ ዝቅ ባለው ጥግ ያሉት ፊደላት ስለታቸውን ይይዛሉ። የተቀዳው ግን ጥጉም ጫፉም እኩል ደንዝዞ እንዳለቀ ሳሙና ይሆናል። ቅቡ የተገፈፈበት ቦታ ካለም አትደብቁት፤ ቢጫ ወይም ቀይ ነገር ከሥር ብቅ ካለ ከሁሉ በፊት እሱን አንሱ። የማንጠልጠያ ብየዳ ያለበትም እንደዚያው፤ ብዙ ጠገራ አንገት ላይ ስለዋለ ብየዳ ብቻውን የፎርጅድ ምልክት አይደለም።

ጠርዙ ግን ከሁሉም ይበልጣል፤ ማንም ሻጭ በራሱ ፈቃድ የማያነሳውም እሱን ነው። በትክክለኛው ብር ጠርዝ ዙሪያ «ዩስቲትያ ኤት ክሌሜንትያ»፣ ማለትም ፍትሕና ምሕረት፣ የሚል ጽሑፍ ጎልቶ ወጥቷል፤ በቃላቱ መካከልም ጌጥ አለ። ብሩን በሁለት መጻሕፍት መካከል አቁሙ፣ መብራቱን ከላይ አድርጉ፣ ትንሽ ትንሽ እያዞራችሁ ሙሉ ዙሩን የሚሸፍን ስድስት ሰባት ፎቶ አንሱ፤ አንዱ ካለቀበት ቀጣዩ ይጀምር። በወዳጄ ብሮች ላይ ጠርዙን በርዝመቱ የሚዞር ቀጭን መስመር ነበር፤ ሁለቱ የቅርጽ ግማሾች የተጋጠሙበት ነው። መስመሩን ለማጥፋት በሞረድ ስለተፋቀ ከፊደላቱ ግማሹ አብሮ ሄዷል።

ሚዛኑን ሳትጨምሩ አትላኩ። ብሩ የወርቅ ሚዛን ላይ ሆኖ ቁጥሩ በዚያው ፎቶ ውስጥ ይነበብ። ማንጠልጠያ የሌለው ትክክለኛ ጠገራ 28 ግራም ከትንሽ ነው፤ ሲያልቅ ጥቂት ይቀንሳል። የወዳጄ አምስቱም 24 ግራም አልሞሉም። ስፋቱ ከሞላ ጎደል 40 ሚሊ ሜትር ነው፤ ማስመሪያውን ከብሩ ጎን፣ በእሱ ከፍታ አስቀምጡ፤ ዝቅ ካለ ልኬቱ ይሳሳታል።

ስትልኩ ቴሌግራም ላይ እንደ ተራ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ አለበለዚያ ይጨመቅና ያ ጥቃቅን ጉድጓድ ይጠፋል። ፊልተርም አይግባ። ከማንሳታችሁ በፊት ደግሞ በሎሚና በአመድ አትሹት። የሚወለውለው ሰው አሳምሬ ላሳይ ብሎ ነው፤ ግን ቅቡን ከእውነተኛው የሚለየው ብሩ ላይ ያለው ጥቁረት ነው፣ ዋጋውም አብሮ ይወርዳል።

ገና ያልከፈላችሁ ከሆነ እነዚህኑ ፎቶዎች ከሻጩ ጠይቁ፤ የዕለቱ ቀንና የእናንተ ስም በእጅ የተጻፈበት ወረቀት ከብሩ ጋር በአንድ ፎቶ ይኑር። የእውነተኛ ብር ፎቶ አሳይቶ ሌላ ማስረከብ የተለመደ ነው፤ ስለዚህ ስትረከቡ በፎቶው ላይ ያያችሁትን ጭረት እዚያው ብሩ ላይ ፈልጉ። «ጠርዝ ማንሳት አልችልም» ካለ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

ፎቶ «ፎርጅድ ነው» የሚለውን በእርግጠኝነት ሊያሳይ ይችላል፤ «እውነተኛ ነው» ለሚለው ግን ሙሉ ዋስትና አይሆንም። በጥሩ ሁኔታ የተመታ፣ ክብደቱንም የጠበቀ ሐሰተኛ ካጋጠመ ውስጡ ምን እንደሆነ ካሜራ አያይም። ማግኔትም ብረትን እንጂ መዳብና ነሐስን አይለይም። ፎቶው ሁሉ ደህና ሆኖ ገንዘቡ ብዙ ከሆነ አንጥረኛ ዘንድ ውሰዱትና በውኃ ውስጥ ይመዘን፤ በአየር 28 ግራም የሆነው ትክክለኛ ብር በክር ተንጠልጥሎ ውኃ ውስጥ ሲገባ ወደ 25 ከሩብ ግራም አካባቢ ይወርዳል። በአየር 28 የሆነው ውኃ ውስጥ ከ25 በታች ከወረደ ገንዘባችሁን ያዙ።