ክሎርታሊዶን፣ ኢንዳፓማይድ ወይስ የለመድነው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ?

አባባ ሁለቱን መድኃኒት በመድኃኒት ቤቱ ባንኮኒ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጧቸው። አንዱ ከሰፈራችን የተገዛ እሽግ ነው፤ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ 25 ሚሊግራም። ሌላው ልጃቸው ከአሜሪካ የላከችው ብርቱካናማ የፕላስቲክ ዕቃ ነው፤ ክሎርታሊዶን 25 ሚሊግራም። ለራሷ ከታዘዘላት የተረፋትን «ይሄ ይሻላል» ብላ ነው የላከችው።

«ልጄ፣ ሁለቱም የግፊት ናቸው፤ ሁለቱም ያሸናሉ፤ ሁለቱም 25 ይላሉ። ታዲያ ምን ልዩነት አላቸው?» አሉኝ።

የመጡት በነጠላ ጫማ ነበር። የቀኝ እግራቸው አውራ ጣት አብጦ ቀልቷል፤ ጫማ አያስገባም። የአገሩን እሽግ ጨርሰው የአሜሪካውን ከጀመሩ አምስት ሳምንት ሆኗቸዋል። አንዱን በአንዱ ነው የተኩት።

ይህን ንጽጽር የምጽፈው በእሳቸው ጥያቄ ምክንያት ነው። ጥያቄው ትክክል ነበር። መልሱን ያገኙት ግን ከዘገየ በኋላ ነው።

ሦስቱ የሚሠሩት ሥራ

ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ታያዛይድ ይባላል። ክሎርታሊዶንና ኢንዳፓማይድ ደግሞ ታያዛይድ መሰል ናቸው። በኬሚካል ቅርጻቸው ይለያያሉ እንጂ የሚገቡበት በር አንድ ነው።

ኩላሊት በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያጣራል። አብዛኛውን መልሶ ወደ ደም ያስገባና ትርፉን ብቻ በሽንት ይጥላል። ጨው የሚመለሰው በየደረጃው ነው። እነዚህ መድኃኒቶች ወደ መጨረሻው አካባቢ ያለችውን አንዷን የጨው መመለሻ በር ይዘጋሉ። ጨው ሲወጣ ውሃ ይከተለዋል፤ ግፊትም ይወርዳል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ቀጣዩን ነው። የሽንቱ ብዛት በጥቂት ሳምንት ይቀንሳል። «ማሸናቱን ትቷል፣ አይሠራም ማለት ነው» ብለው የሚያቆሙ አሉ። ተሳስተዋል። ከዚያ በኋላ ግፊቱን ዝቅ አድርጎ የሚይዘው የደም ሥሮች ቀስ በቀስ መላላታቸው ነው። ክኒኑ ባያሸናም እየሠራ ነው።

25 ሁሉ 25 አይደለም

አሁን ወደ ልዩነቱ። የሃይድሮክሎሮታያዛይድ ኃይል ግማሽ ቀን ያህል ይቆያል። ጠዋት ለዋጠው ሰው ሌሊቱ ላይ ይሳሳል። ኢንዳፓማይድ በቀን አንዴ ተወስዶ ቀኑን ይሸፍናል። ክሎርታሊዶን ግን ሁለት ቀን፣ አንዳንዴም ሦስት ቀን ይቆያል። ቀይ የደም ሴሎች ውስጥ ተጠራቅሞ ከዚያ ቀስ እያለ ስለሚለቀቅ ነው።

ኃይሉም በሚሊግራም ሲመዘን የበረታ ነው። 12.5 ሚሊግራም ክሎርታሊዶን በግርድፉ የ25 ሚሊግራም ሃይድሮክሎሮታያዛይድን ሥራ ይሠራል። ኢንዳፓማይድ ደግሞ ጭራሽ በሌላ መስፈሪያ ነው የሚለካው፤ 1.25፣ 1.5 ወይም 2.5 ሚሊግራም ብቻ። ስለዚህ አባባ የቀየሩት ስሙን ብቻ አልነበረም። ሳያውቁት መጠኑን እጥፍ አድርገውታል፤ ያውም ከሰውነት ቶሎ በማይወጣ መድኃኒት።

ረጅም መቆየቱ ሁለት ፊት አለው። አንድ ቀን ቢረሱት ግፊቱ ወዲያው አይዘልም፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ጉዳት ሲያመጣ ግን ክኒኑን ካቆሙ በኋላም ለቀናት አይለቅም።

ፖታሲየም የት ይሄዳል?

አባባን «ከጣትዎ ሌላ ምን ይሰማዎታል?» ስላቸው መጀመሪያ ምንም አሉኝ። ቆይተው ደረጃ ሲወጡ ጭናቸው እንደሚዝል፣ ሌሊት ባታቸው ጭብጥ ብሎ እንደሚቀሰቅሳቸው፣ ሆዳቸው እንደደረቀ ነገሩኝ። ዕድሜ መስሏቸው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዷ በር ስትዘጋ የተረፈው ጨው ወደ መጨረሻው የኩላሊት ቱቦ ይወርዳል። እዚያ ሰውነት ሶዲየሙን ለማስቀረት ይታገላል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ በፖታሲየም ነው። ሶዲየም ይገባል፣ ፖታሲየም ይወጣል። ለዚህ ነው ጨው የሚያበዛ ሰው በእነዚህ መድኃኒቶች ላይ ፖታሲየሙን ይበልጥ የሚያጣው። ሽሮው ጨው ሲበዛበት፣ ቡናው በጨው ሲጠጣ ኪሳራው ይጨምራል። ሙዝ፣ ድንችና አቮካዶ መብላት ይረዳል። ጨውን ሳይቀንሱ ሙዝ ብቻ ማብዛት ግን በቀዳዳ እንስራ ውሃ መቅዳት ነው።

ጤናማው የፖታሲየም ልክ ከ3.5 በላይ ነው። ከ3 በታች ሲወርድ ልብ ምቷ ሊዛባ ይችላል። ለልብ ድካም ዲጎክሲን የሚወስድ ሰው ደግሞ ከዚያ በፊትም አደጋ ላይ ነው።

ከሦስቱ ፖታሲየምን ይበልጥ የሚያወርደው ክሎርታሊዶን ነው። ኢንዳፓማይድም ነፃ አይደለም፤ በተለይ በ2.5 ሚሊግራም። ቀስ ብሎ የሚለቀቀው 1.5 ሚሊግራሙ የመጣው ግፊቱን እየቀነሰ ፖታሲየሙን እንዲቆጥብ ነው። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ በ12.5 እና በ25 ሲሆን ለዘብ ይላል፤ 50 ላይ ሲደርስ እሱም አይምርም።

ሪህ

የአባባ ጣት የታመመው ከፋሲካ በኋላ በሦስተኛው ሌሊት ነው። ሥጋው ነበር፣ ጠላውም ነበር። እሳቸው ጥፋቱን በሙሉ ለዶሮ ወጡና ለጥብሱ ሰጥተውታል። እኔ ግን ዋናው ጥፋተኛ ብርቱካናማው ዕቃ ውስጥ ነበር ብዬ አምናለሁ። ድግሱ ክብሪቱን ጫረ እንጂ እንጨቱን የከመረው ክኒኑ ነው።

ዩሪክ አሲድ ከሰውነት የሚወጣው በአብዛኛው በሽንት ነው። እነዚህ መድኃኒቶች ወደ ሽንት ለመግባት የዩሪክ አሲድን መውጫ ይሻሙታል። በዚያ ላይ የሰውነት ፈሳሽ ሲቀንስ ኩላሊት ያገኘውን ሁሉ መልሶ መሰብሰብ ይጀምራል፤ ዩሪክ አሲዱንም አብሮ ይመልሳል። ደም ውስጥ ሲበዛ እንደ መርፌ የሾለ ክሪስታል ሆኖ መገጣጠሚያ ውስጥ ይቀመጣል። የሰውነት ቀዝቃዛው ጫፍ እግር ስለሆነ አውራ ጣት ቀድሞ ይያዛል። ሕመሙ ብዙ ጊዜ ሌሊት ይጀምራል፤ አንሶላ እንኳ ሲነካው ያስጮሃል።

በዚህ በኩል ከሦስቱ ንጹሕ የለም። ኢንዳፓማይድ ስኳርና ኮሌስትሮል ላይ ለዘብ ይላል፤ ሪህ ላይ ግን «ይሄ አያመጣም» ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ አትመኑት። ሪህ ይዞት የሚያውቅ ሰው ከሦስቱ መካከል ከመምረጡ በፊት ሐኪሙን «ከእነዚህ ውጭ ሌላ የለም ወይ?» ብሎ ይጠይቅ።

አባባን ያንኑ ቀን ወደ ሐኪም ላክኋቸው። ፖታሲየማቸው 2.9፣ ዩሪክ አሲዳቸው 9.4 ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ ክሎርታሊዶኑን አስቆመ፤ የፖታሲየም ክኒን ሰጣቸው፤ ለጣታቸው ኮልቺሲን አዘዘ። የተለመዱት የሕመም ማስታገሻዎች፣ እንደ ዳይክሎፌናክ ያሉት፣ ግፊት ስለሚያስነሱና ኩላሊት ስለሚጫኑ ተዋቸው። ለግፊቱ አምሎዲፒንና ሎሳርታን ተተኩ። ሎሳርታን ዩሪክ አሲድን በመጠኑ በሽንት ያስወጣል፤ ለሪህ በሽተኛ የሚመረጠው ለዚህ ነው። ፖታሲየማቸው እስኪስተካከል ከሳምንት በላይ ፈጀ።

ታዲያ የቱ ለማን?

የቱ ይሻላል በሚለው ክርክር ውስጥ ለረጅም ጊዜ ክሎርታሊዶን የበላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የወጣው ከ33 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉበት አልሃት የተባለው ጥናት የተደረገው በእሱ ነው፤ ከአምሎዲፒንና ከሊሲኖፕሪል ጋር ተወዳድሮ አላነሰም። እ.ኤ.አ. በ2022 ግን ክሎርታሊዶንና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ፊት ለፊት ተነጻጸሩ። ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 13,523 የቀድሞ የአሜሪካ ወታደሮች ተሳተፉ። በልብ ድካም፣ በስትሮክና በመሳሰሉት ላይ ልዩነት አልታየም። የፖታሲየም ማነስ ግን በክሎርታሊዶን በኩል 6 በመቶ፣ በሌላኛው 4.4 በመቶ ሆነ።

ስለዚህ ግፊቱ በሃይድሮክሎሮታያዛይድ የተስተካከለለትና የተስማማው ሰው የሚቀይርበት ምክንያት አይታየኝም። ርካሽ ነው፤ በየመድኃኒት ቤቱ ይገኛል።

ክሎርታሊዶንን የምመርጠው ግፊቱ አልበገር ላለው ሰውና ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ነው። ኩላሊት በጣም ሲደክም ታያዛይድ አይሠራም ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት ክሎርታሊዶን እዚያም ግፊቱን በደንብ እንደሚያወርድ አሳይቷል፤ የተጀመረው ግን በ12.5 ነው። አሜሪካ ውስጥ የተለመደው ክኒን 25 ስለሆነ መከፈል አለበት። የክኒን መቁረጫ አብራችሁ ግዙ።

ኢንዳፓማይድ ለአረጋውያን ጥሩ ማስረጃ አለው። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው ሃይቬት በተባለ ጥናት 3,845 ሰዎች ተሳትፈዋል፤ ሁሉም 80 እና ከዚያ በላይ ናቸው። ሕክምናው ሞትን 21 በመቶ ቀንሷል። ስኳር ላለበት ሰውም ይስማማል። ስትገዙ ግን ልብ በሉ፤ ቀስ ብሎ የሚለቀቀው ክኒን አይሰበርም፣ አይታኘክም። በአረጋውያን ላይ ሌላም ነገር አለ፤ በተለይ በሴቶች፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሶዲየም ሊወርድ ይችላል። እናታችሁ አዲስ ክኒን ጀምራ ነገር ከተምታታባት፣ ከተንገዳገደች ወይም ካቅለሸለሻት «አርጅታ ነው» አትበሉ፤ ደሟ ይታይ።

የቱንም ብትመርጡ ከመጀመራችሁ በፊት ፖታሲየም፣ ሶዲየምና የኩላሊት ምርመራ ይደረግ። ከጀመራችሁ ወይም መጠኑ ከተቀየረ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ይደገም። ከዚያ ቢያንስ በዓመት አንዴ። ተቅማጥ ወይም ትውከት ከያዛችሁ ደግሞ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ጠይቁ፤ ፖታሲየም በዚያም በኩል ይፈስሳል።

የአባባ ልጅ ከአሜሪካ ደወለችልኝ። አዝናለች፤ ድምጿ ይንቀጠቀጣል። ካጽናናኋት በኋላ «አንቺስ ፖታሲየምሽን መቼ ነው ያየሽው?» አልኳት። ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ያየችው አንዴ፣ መጀመሪያ ላይ ብቻ ነው። በሳምንቱ ተመርምራ ቁጥሩን ላከችልኝ፤ 3.3። ሐኪሟ ክኒኑን ለሁለት እንድትከፍል አዟታል።