አንድ ፋብሪካ ወይስ ሁለት?

አንዲት የደሴ የማስተርስ ተማሪ ኮምቦልቻ ያሉ የልብስ ስፌት ሠራተኞች ለምን ቶሎ ሥራ እንደሚለቁ በኬዝ ስተዲ ልታጠና ነው። «30 ሠራተኛ ስለማነጋግር 30 ኬዝ አለኝ» አለችኝ። የለሽም! ጥያቄሽ «ይህ ፋብሪካ ሠራተኛ ማቆየት ያቃተው ለምንድን ነው?» ከሆነ የትንተና አሃድሽ ፋብሪካው ነው። ሠራተኞቹ የመረጃ ምንጭ ናቸው። ኬዝሽ አንድ ብቻ ነው። መደምደሚያሽ የሚናገረው ስለ ማን እንደሆነ እዪው፤ አሃድሽ እሱ ነው።

ወጪ፦ ለአንድ ፋብሪካ አንድ ፈቃድ ይበቃል። ሁለት ከሆነ ከደሴ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ መውጣቱም፣ የሰው ሀብት ቢሮ ደጅ መጥናቱም እጥፍ ነው።

አንድ ፋብሪካ፦ የስፌት መስመሮቹን እንደ ንዑስ አሃድ ማነጻጸር ይቻላል። አደጋው መስመሮቹ ላይ ተጠምዶ ፋብሪካውን መርሳት ነው። ምዕራፍ አራት ስለ መስመር፣ ምዕራፍ አምስት ስለ ፋብሪካ የሚያወራ ጽሑፍ ስንቱን አንብቤያለሁ።

ሁለት ፋብሪካ፦ ሁለተኛው ቁጥር ማሟያ አይደለም። አንዱ ሰርቪስ ያለው፣ ሌላው የሌለው ይሁን። ሰርቪስ ባለበት የሚለቀው ሰው ያንሳል ብለሽ ቀድመሽ ከነምክንያቱ ጻፊ። እኩል ከለቀቁ ግምትሽ ወደቀ። ደመወዙም የሚለያይ ከሆነ ግን ለውጡን ያመጣው የትኛው እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ደመወዛቸው የተቀራረበ ፈልጊ።

ሌላ አጥኚ ያልገባበት ፋብሪካ በሩን ከከፈተልሽ፣ ወይም አንዱን ዓመት ሙሉ መከታተል ከቻልሽ፣ ነጠላው ይሻልሻል። የሰርቪሱን ግምት መፈተን ከፈለግሽና ሁለቱም ፈቃድ በእጅሽ ከገባ ሁለቱን ያዢ።